የአውሮፕላን ጥገና ታስክ ካርድ ወደ አማርኛ፦ መሣሪያውን፣ ፍተሻውንና የፊርማውን ቃል እንዴት ትይዙታላችሁ?

ጽዮን_ተርጓሚ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው የሕክምና መሣሪያ ማኑዋልና ውል ነው፣ አሁን ግን ከአንድ አነስተኛ የበረራ ማሠልጠኛ ሥራ መጥቶልኝ ሃሳብ የሚሰጠኝ ሰው ፈልጌ ነው። ካርዱ ሴስና 172 ላይ በየ50 ሰዓቱ የሚሠራው የሞተር ዘይትና ፊልተር ቅያሪ ነው፣ ሞተሩ ላይኮሚንግ ኦ-320። ሜካኒኮቹ የሚፈርሙት እንግሊዝኛው ላይ ነው፣ እሱ አይነካም። አማርኛው ለረዳቶቹና ለአዳዲስ ተለማማጆች ነው፣ ጎን ለጎን ይዘውት እንዲሠሩ። ደንበኛዬ ያለኝ ነገር "ምንም እንዳይቀየር፣ ግን ሰው እንዲገባው፣ ደግሞ ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ" ነው።

ገጹ እንዲበቃኝ ብዬ የመካከለኛውን ክፍል እንዲህ አጠቃልዬዋለሁ፦

"ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ዘይቱን አፍስሶ፣ የማግኔቶውን ቁልፍ አውጥቶ፣ አሮጌውን ፊልተር ፈትቶ፣ ቆርጦ ውስጡን አይቶ፣ የአዲሱን ፊልተር ጋስኬት ቀብቶ፣ በሚገባ አጥብቆ በሽቦ ያስራል። ፊርማ ____"

መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ፦

"አውሮፕላኑ ተመርምሮ ለበረራ ብቁ መሆኑን አረጋግጣለሁ።"

ጥያቄዬ ሦስት ነገር ላይ ነው። የመሣሪያ ስም በጋራዥ አማርኛ ይሁን ወይስ እንግሊዝኛውን በፊደል ልጻፈው? የጥብቀቱን ቁጥር ወደ ኒውተን ሜትር ልቀይረው ወይ? የፊርማው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢሆን ችግር አለው?

ካሳ_ጋራዥ

እህቴ እኔ አውሮፕላን አላውቅም መኪና ነው የማውቀው ግን ሞተር ሞተር ነው፣ ዘይት ዘይት ነው። ሰው የሚያውቀውን ቃል ጻፊለት በቃ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን። እኔ ጋ የሚሠራ ልጅ "ስፓርክ ፕለግ አውጣ" ብለው ቆሞ ነው የሚያየኝ፣ ካንዴላ ስለው ግን እጁ ራሱ ይሄዳል።

ፊልተር ጥብቀት ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ ጓርኒሲዮኑን በሞተር ዘይት ትንሽ ትቀቢና በእጅ እስኪነካ ታዞሪና ከዛ ሦስት አራተኛ ዙር ነው፣ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው የሠራሁት አንድም ቀን አላፈሰሰም። ኒውተን ሜትር ብታደርጊው ግን ጥሩ ነው አሁን የሚሸጡት ቶርክ ሬንቾች አብዛኞቹ በሱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን፣ "ቁልፍ አውጥቶ" ያልሽው። የኔ ልጅ ይሄን ቢያነብ 17 ቁልፍ ከሳጥን አውጥቶ ነው የሚመጣው 😂

ጋሽ_ሪቬት

ካሳ መጨረሻ ላይ የተናገረውን እንደ ቀልድ አትለፉት፣ ከጻፈው ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሃንጋር ውስጥም ስፓነር ቁልፍ ነው፣ የማግኔቶ ስዊቹም መክፈቻ ቁልፍ ነው። ያ እርምጃ የተጻፈው ፕሮፔለሩ አጠገብ እጁን የሚያስገባ ሰው እንዳይገደል ነው። የፒስተን ሞተር ማግኔቶ ብልጭታውን ራሱ ስለሚያመነጭ ከባትሪ ጋር ጉዳይ የለውም፣ የባትሪው ማስተር ስዊች ቢጠፋም የማግኔቶ ስዊቹ ኦፍ ካልሆነ ወይም የማግኔቶው ግራውንድ ሽቦ ከተበጠሰ ፕሮፔለሩን በእጅ ትንሽ ስታዞሪው ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ "የማግኔቶ ስዊቹን ኦፍ ያድርጉ። የስዊቹን መክፈቻ ይንቀሉ" ብለሽ ለሁለት ክፈይው፣ ቦታውም ዘይት ከማፍሰሱ በኋላ አይደለም፣ ካርዱ ያስቀመጠው ቦታ ላይ ነው። አንቺ ስታጠቃልዪው ወደ ሁለተኛ ወርዷል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ያንቺ ዓረፍተ ነገር አማርኛው ያምራል፣ ታስክ ካርድ ግን አይደለም። አፍስሶ፣ አውጥቶ፣ ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ አይቶ፣ ቀብቶ፣ አጥብቆ፣ ያስራል። ስምንት ሥራ ነው አንድ ፊርማ ነው። ቋንቋችን ይሄን አጻጻፍ ስለሚወድ ሳናስበው ነው የምንገባበት፣ አንባቢውም ሲያነበው ዓይኑ መጨረሻው ግሥ ላይ ነው የሚያርፈው፣ "ያስራል"። የቀሩት ሰባቱ ወደ እሱ መሄጃ መንገድ ይመስላሉ። "አይቶ" የሚለው እኮ የካርዱ ዋና ምክንያት ነው! ፊልተሩ የሚቆረጠው ሞተሩ ውስጡን እየበላ መሆኑ እንዲታወቅ ነው፣ ዘይት መቀየር ብቻማ ቢሆን ፊልተሩን ጥሎ መሄድ ነበር። አንድ ግሥ፣ አንድ መስመር፣ ካርዱ ፊርማ ያለበት ቦታ ሁሉ ፊርማ። ገጽ ካልበቃ ሁለት ገጽ ይሁን፣ ደንበኛሽን እኔ ላናግረው 😀

"ቆርጦ" ላይም ነገር ጠፍቷል። ካርዱ ላይ በፊልተር ከተር ይላል። ከተሩ እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ዙሪያውን እየዞረ ነው የሚከፍተው፣ ብናኝ አይጥልም። መሣሪያው ካልተጻፈ ተለማማጁ በሴጌቶ ይገዘግዘዋል፣ ከዛ የሴጌቶው ብናኝ የፊልተሩ ወረቀት ላይ ይገባና ሞተሩ ብረት ሠራ ብለው አውሮፕላኑን ያቆሙታል። ወይ ደግሞ የባሰው፣ "ይሄ የሴጌቶ ነው" ብለው እውነተኛውን ብረት ያልፉታል።

ቶርክ ላይ ቀጥዬ እጽፋለሁ፣ ሻይ ልጠጣ።

ናትናኤል_27

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የሜካኒክ ፈተናው በአማርኛ ሆነ ማለት ነው?? እኔ 12ኛ ጨርሻለሁ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፣ መቼ ነው ምዝገባው

ሚኪ_ዱባይ

@ናትናኤል_27 አይ ወንድሜ፣ እዚህ የሚወራው ስለ አንድ የሥራ ወረቀት ትርጉም ነው። ላይሰንሱ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካው ደንብ ሜካኒኩ እንግሊዝኛ ማንበብ መጻፍ መናገር መረዳት አለበት ይላል በግልጽ፣ የአውሮፓው ፓርት 66 ደግሞ ቴክኒካል ዶክመንቱ የተጻፈበትን ቋንቋ ማወቅ አለብህ ይላል፣ ያው ዶክመንቱ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛህ ላይ ሥራ።

ጋሽ_ሪቬት

ቶርክ። ካሳ ያለው ሦስት አራተኛ ዙር ለመኪናው ልክ ነው አልከራከረውም፣ እዚህ ግን የቻምፒየን ፊልተር ነው፣ ፊልተሩ ላይ ራሱ ታትሟል ከ16 እስከ 18 ፉት ፓውንድ። ጋስኬቱም የሚቀባው ዲሲ-4 ነው፣ ነጭ ግራሶ የሚመስለው ሲሊኮን። ካርዱ ዲሲ-4 ካለ አማርኛውም ዲሲ-4 ነው። "ቀብቶ" ብቻ ከተባለ እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ ያገኘውን ነው የሚቀባው።

ጽዮን "በሚገባ አጥብቆ" ያልሽው ላይ ቁጥሩ ጠፍቷል። ምናልባት በሌላ አምድ አስቀምጠሽው ይሆናል አላውቅም፣ ግን ቁጥሩ ከግሡ ጋር እዛው መስመር ላይ መሆን አለበት። አሃዱን ደግሞ ሙሉውን ጻፊ። "16 ፓውንድ" ብቻ ብትዪ አደጋ አለው፣ ሃንጋር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሬንች አለ፣ በፉት ፓውንድና በኢንች ፓውንድ። አንዱ ከሌላው 12 እጥፍ ነው። 16 ፉት ፓውንድ ማለት 192 ኢንች ፓውንድ ነው፣ ልጁ የኢንች ፓውንዱን ሬንች አንስቶ 16 ላይ ካደረገው ፊልተሩ ገና ሳይጠብቅ ክሊክ ይልለታል፣ እሱም ቶርክ አደረግሁ ብሎ ይሄዳል።

ወደ ኒውተን ሜትር አትቀይሪው። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፣ 21.7 እስከ 24.4 ይሆናል። ሬንች ላይ ግን 21.7 የሚል መስመር የለም፣ ስለዚህ አንቺ ወይ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው "22 እስከ 25" ብሎ ያጠጋጋዋል። 25 ኒውተን ሜትር ከ18 ፉት ፓውንድ በላይ ነው፣ ማለትም አጥብቆ የሚሠራ ልጅ ደንቡን ተከትሎ ከልኩ ያልፋል። ካርዱ በምን ጻፈ፣ አንቺም በዛው። መቀየር ካስፈለገ የሚቀይረው ኢንጂነሪንጉ ነው፣ ተርጓሚ አይደለም።

ካሳ_ጋራዥ

እሺ ጋሼ ዲሲ-4ቱን ተቀበልኩ። ግን የጋራዥ ቃል ላይ አልተውኩም፣ ዳዶ የሚያውቀውን ልጅ ነት ብሎ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል

ጋሽ_ሪቬት

ዳዶውን እኔም እወደዋለሁ ካሳ፣ እኔም ከመኪና ነው የመጣሁት። ችግሩ ልጁ ካርዱን ይዞ መሣሪያ ወደሚወጣበት ቱል ክሪብ ሲሄድ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው መዝገቡ ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛው ስም ነው፣ ቶርክ ሬንቹ መለያ ቁጥር አለው፣ የካሊብሬሽን ቀን አለው፣ ሜካኒኩ ካርዱ ላይ ያንን ቁጥር ይሞላል። ስለዚህ የኔ አካሄድ እንዲህ ነው፦ ከስቶር ወይም ከቱል ክሪብ የሚወጣ ነገር ስሙ እንግሊዝኛው ካርድ ላይ እንዳለ ይቆይ፣ አማርኛው ስም ከፈለግሽ አንድ ጊዜ መጀመሪያው ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይሰጥ። የፓርት ቁጥር ደግሞ በፊደላችን አይጻፍም፣ CH48110-1 ከሆነ CH48110-1 ነው፣ ኮፒ ፔስት፣ በእጅ አትተይቢው፣ አንድ ዲጂት ብትዘዋወር ሌላ ፊልተር ነው የሚመጣው።

በሽቦ ያስራል ያልሽውም "በ0.032 ኢንች ሴፍቲ ዋየር ሴፍቲ ያድርጉ" ይባል። ሽቦ ሲባል እኛ አገር የኤሌክትሪክም ነው የአጥርም ነው።

ሚኪ_ዱባይ

እኔ የራሴን ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ይወጣል ግን ይገናኛል። እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ አንድ የሠራሁበት ቦታ (ስሙን ልተወው) ለረዳቶች ተብሎ ካርዶች ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጉመው ነበር። ተርጓሚው ጎበዝ ሰው ነው፣ ግን ለማስዋብ ብሎ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ከታች በሳጥን አደረጋቸው። እንግሊዝኛው ላይ እኮ ማስጠንቀቂያው ከእርምጃው *በፊት* ነው የሚመጣው፣ ሰውየው እጁን ከማስገባቱ በፊት እንዲያነበው ነው። ከታች ሲወርድ ሰው የሚያነበው ሠርቶ ጨርሶ ሊፈርም ሲል ነው። እኔ ያየሁት የላንዲንግ ጊር ካርድ ላይ ጊሩ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ዳውን ሎክ ፒን መግባት አለበት የሚለው ነበር ገጹ ታች ላይ የተገኘው። ሰው አልተጎዳም፣ አንድ ኢንስፔክተር አይቶት ካርዱ ተሰበሰበ።

ሌላ ደግሞ ዋርኒንግና ኮሽን ሁለቱም "ማስጠንቀቂያ" ሆነው ነበር። ዋርኒንግ ሰው ሊጎዳ ነው፣ ኮሽን ዕቃ ሊበላሽ ነው፣ ኖት ደግሞ መረጃ ብቻ ነው። ጽዮን አማርኛ ላይ ማስጠንቀቂያ፣ ጥንቃቄ፣ ማስታወሻ ብትያቸውና ከመጀመሪያው ካርድ እስከ መጨረሻው ባይቀያየሩ ጥሩ ነው። ፕሮፔለሩ ማስጠንቀቂያ፣ ፊልተሩ ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ ጥንቃቄ።

ፍተሻ ላይስ? ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ እኛ ጄነራል ቪዡዋልና ዲቴይልድ እንላለን፣ ሁለቱም "ተመልከት" ተብለው ቢተረጎሙ ጉድ ነው። ጄነራሉ ባለው ብርሃን፣ እጅህ በሚደርስበት ርቀት ቆመህ ግልጽ ጉዳት መኖሩን የምታይበት ነው። ዲቴይልዱ ላይ ግን ጥሩ ብርሃን ትጨምራለህ፣ መስታወት ወይ ማጉያ ትጠቀማለህ፣ ካስፈለገም መጀመሪያ ታጸዳዋለህ። የሰዓቱ ልዩነት ራሱ ሌላ ነው።

ጽዮን_ተርጓሚ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም። የፍተሻው ነገር ያስቸገረኝ እዚህ ነው። የኔ ካርድ ላይ ሦስት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ግሦች አሉ፣ አንዱ የዘይቱን መጠን በዲፕስቲክ ለማየት ነው፣ አንዱ የፊልተሩን ወረቀት ብረት አለው ወይ ብሎ ለማየት፣ ሦስተኛው ሌላ ሰው መጥቶ ሴፍቲ ዋየሩ መታሰሩን የሚያይበት። እኔ "ማየት"፣ "መመርመር"፣ "ማረጋገጥ" ብዬ ልለያቸው አስቤያለሁ። "ፍተሻ" ያልተጠቀምኩት ኤርፖርት ላይ ፍተሻ ሲባል ሰው የሚያስበው ቀበቶ ማውለቅ ስለሆነ ነው።

ሌላ፣ ግሡ "ፍታ" ይሁን "ይፈታል" ይሁን "ይፍቱ"? ተለማማጆቹ ውስጥ ሴቶች አሉ።

ጋሽ_ሪቬት

"ይፍቱ"። "ይፈታል" ካልሽ ማን እንደሚፈታው አይታወቅም፣ ፊልተሩ በራሱ ጊዜ የሚፈታ ይመስላል።

ሦስቱን መለየትሽ ትክክል ነው፣ ቃሎቹ ላይ ግን "ማየት" አልወደድኩትም። ሜካኒክ "አየሁት" ሲል ምንም ማለት አይደለም። ዲፕስቲክ ላይ ቁጥር ስላለ "ይለኩ" ማለት ይሻላል፣ ውጤቱም በኳርት ይሞላል። ፍተሻን ደግሞ አትጣዪው እኛ ሃንጋር ውስጥ ፍተሻ ነው የምንለው፣ ምርመራ ሲባል ለኔ ሐኪም ቤት ነው፣ ወይ ፖሊስ።

ፊልተሩ ላይ የሚፈለገውን ደግሞ በትክክል ጻፊ። ወረቀቱ ተዘርግቶ፣ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ከዛ በማግኔት። ማግኔት የሚይዘው ብረት ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው፣ የማይዘው አልሙኒየም ወይ ነሐስ ነገር ከሌላ ቦታ፣ ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ ይመዘገባሉ። ካርዱ ስንት ቁራጭ፣ ምን ያህል መጠን ሲሆን ምን ይደረግ የሚለውን ወደ አምራቹ ዶክመንት ይመራል። እሱን "ብዙ ብረት ከተገኘ ለኃላፊ ይነገር" ብለሽ እንዳታሳጥሪው። ብዙ ለማን ነው ብዙ?

የውል_ሰው

እኔ በሙያዬ ተርጓሚ ነኝ፣ ሰነዶች አረጋጋጭ ፊት የሚቀርቡ ወረቀቶችን ነው የምሠራው፣ አውሮፕላን አላውቅም። ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልሽም። "አውሮፕላኑ ተመርምሮ ለበረራ ብቁ መሆኑን አረጋግጣለሁ" ያልሽውን ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያዪው እስቲ። እኔ እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ላይ የማየው የመጀመሪያ ነገር ፈራሚው ስለ *ምን* ነው የሚፈርመው የሚለው ነው። እንግሊዝኛውን ብትልኪልን ጥሩ ነበር።

ጽዮን_ተርጓሚ

እንግሊዝኛውን ቃል በቃል መለጠፍ አልችልም የደንበኛ ነው፣ ሃሳቡ ግን ይሄ ነው፦ ከላይ የተዘረዘረው ሥራ፣ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በደንቡ መሠረት ተሠርቷል፣ ያንን ሥራ በሚመለከት አውሮፕላኑ ወደ አገልግሎት ለመመለስ ዝግጁ ነው ተብሎ ይታሰባል። ረጅም ስለሆነ ነው ያሳጠርኩት።

የውል_ሰው

አየሽ፣ ሁለት ገደብ ነው የወደቀው። "ያንን ሥራ በሚመለከት" እና "በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር"። በአንቺ አማርኛ ዘይት የቀየረው ሰው ክንፉንም ጎማውንም ሬዲዮውንም ፈርሞ ወሰደ። ነገ ክርክር ቢነሳ እኔ የከሳሽ ጠበቃ ብሆን አማርኛውን ነው ይዤ የምቀርበው።

ሚኪ_ዱባይ

ልክ ነው። የአሜሪካው ደንብም ፓርት 43 ላይ ያለው እንደዛ ነው፣ ፊርማው ወደ አገልግሎት መመለሱን የሚያጸድቀው ለተሠራው ሥራ ብቻ ነው ይላል። "ለበረራ ብቁ" የሚለውን ቃል የያዘው ሌላው ነው፣ የዓመታዊና የ100 ሰዓት ኢንስፔክሽኑ ፊርማ። ያንን ቃል ዘይት ቅያሪ ላይ ማምጣት ሌላ ሥራ እንደተሠራ ማስመሰል ነው።

ጋሽ_ሪቬት

በፊርማ ጉዳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሃንጋር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግንቦት 1983 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኢስተርን ኤር ላይንስ ኤል-1011 ከማያሚ ወደ ናሳው ሲበር ነው። ሌሊቱን ሜካኒኮቹ የሦስቱንም ሞተሮች ቺፕ ዲቴክተር ቀይረው ነበር፣ ዘይቱ ውስጥ ያለውን ብረት የሚይዘው ማግኔት ማለት ነው። ካርዱ አዲስ ኦ-ሪንግ ይግባ ይላል። ሜካኒኮቹ ግን የለመዱት ዲቴክተሩን ከኃላፊው ካቢኔት ሲወስዱ ኦ-ሪንጉ ተገጥሞለት ነበር። የዛን ሌሊት ካቢኔቱ ውስጥ ስላልነበረ ከስቶር አወጡ፣ የስቶሩ ኦ-ሪንግ የለውም። ገጠሙ፣ ፈረሙ። ሊክ ቼኩም ሞተሩን በስታርተር ለጥቂት ሰከንድ አዙሮ ማየት ነበር፣ ምንም አልታየም።

አየር ላይ ዘይቱ ከሦስቱም ወጣ። መጀመሪያ አንዱን ራሳቸው አጠፉት፣ ወደ ማያሚ ሲመለሱ የቀሩት ሁለቱ ቆሙ፣ ያጠፉትን መልሰው አስነስተው ነው ያረፉት። 172 ሰው ነበር፣ የተጎዳ የለም።

ይሄን ያመጣሁት ለጽዮን ነው። እዛ ካርዱ በትክክል ተጽፎ ነበር። ሰውየው የፈረመው ግን "ዲቴክተሩን ቀየርኩ" ብሎ ነው በልቡ፣ ኦ-ሪንጉ እዛው ውስጥ ገብቶ ሄደ። በእንግሊዝኛ ለየብቻ ተጽፎ ይሄ ከሆነ፣ በ"ቀብቶ አጥብቆ" ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው። ጋስኬቱ ለብቻው፣ ዲሲ-4ቱ ለብቻው፣ ቶርኩ ለብቻው። የአሮጌው ፊልተር ጋስኬት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱ ደግሞ ካርድሽ ላይ ካለ ለብቻው፣ ሁለት ጋስኬት ተደርቦ ከገባ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን ይተፋዋል።

የፊርማው ሳጥን ላይ ግን የራሴ አቋም አለኝ፦ አማርኛው ላይ ጨርሶ አይኑር። ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ፊርማ ካለ አንድ ቀን አንዱ ብቻ ተፈርሞ ይገኛል።

የውል_ሰው

እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። ሳጥኑ ከጠፋ ተለማማጁ የቱ እርምጃ ላይ መቆም እንዳለበት አያውቅም። ሌላ ሰው መጥቶ ማየት ያለበት ቦታ ላይ ሥራው ይቆማል አይደል? ያንን የሚያሳየው ሳጥኑ ነው። ሙሉ ትርጉሙ ይኑር፣ ሳጥኑ ላይ "በእንግሊዝኛው ካርድ ላይ ይፈረማል" ተብሎ ይጻፍበት፣ ከላይ ደግሞ ልዩነት ቢኖር እንግሊዝኛው ይጸናል የሚል።

ጋሽ_ሪቬት

ሳጥን ያየ ሜካኒክ ይፈርማል ወንድሜ። ምንም ብትጽፍበት። "አይፈረምበትም" ብለህ ብትጽፍበትም እዛው ላይ ይፈርማል።

ሚኪ_ዱባይ

😂😂 እውነት ነው። ሳጥኑን ጥቁር አድርጊው ጽዮን፣ የማይጻፍበት ጥቁር። እኛ ጋ ለረዳት የማይመለከተው ቦታ እንደዛ ነው።

ጽዮን_ተርጓሚ

ጥቁር ሳጥን! እሱን ለደንበኛው አቀርብለታለሁ፣ የሚወስነው እነሱ ጋ ያለው የጥራት ክፍል ነው። ሁለት ገጽ እንዲሆን ፈቅደዋል (ጋሼ መደወል አላስፈለገም)። የፊልተሩን ክፍል እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እስቲ እዩልኝ። "■" ያለበት እንግሊዝኛው ላይ የሚፈረምበት ነው።

14. አሮጌውን ፊልተር ይፍቱ። ■
15. የአሮጌው ፊልተር ጋስኬት ከፊልተሩ ጋር መውጣቱን ይፈትሹ። ■
16. ፊልተሩን በፊልተር ከተር ይክፈቱ። ■
17. ወረቀቱን አውጥተው ይዘርጉ። ዘይቱ እስኪወጣለት ይጠብቁ።
18. ወረቀቱን በጥሩ ብርሃን ይፈትሹ፣ ከዚያም በማግኔት ይፈትሹ። ማግኔት የያዘውንና ያልያዘውን ለየብቻ ይመዝግቡ። ■
19. የአዲሱን ፊልተር ጋስኬት በዲሲ-4 በስሱ ይቀቡ። ■
ጥንቃቄ፦ ከ18 ፉት ፓውንድ በላይ አያጥብቁ።
20. ፊልተሩን ከ16 እስከ 18 ፉት ፓውንድ ቶርክ ያድርጉ። የቶርክ ሬንቹን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ። ■
21. ፊልተሩን በ0.032 ኢንች ሴፍቲ ዋየር ሴፍቲ ያድርጉ። ■
22. ሴፍቲ ዋየሩን ሌላ ሰው ያረጋግጥ። ■

መጨረሻው፦ "ከላይ የተገለጸው ሥራ፣ በሌላ ሁኔታ ከተገለጸው በስተቀር፣ በደንቡ መሠረት ተከናውኗል፤ ይህን ሥራ በሚመለከት አውሮፕላኑ ወደ አገልግሎት ለመመለስ ዝግጁ እንደሆነ ተወስዷል።"

ምርመራን ትቼ ፍተሻን ወስጃለሁ፣ ሃንጋሩ የሚለው እሱን ከሆነ።

ጋሽ_ሪቬት

አሁን ካርድ ሆነ። ሦስት ነገር። 17 ላይ "አውጥተው ይዘርጉ" አሁንም አለ፣ ግን አንድ እጅ የሚሠራው አንድ እንቅስቃሴ ስለሆነና ፊርማም ስለሌለው እኔ እተወዋለሁ፣ ሌላ ሰው ላይተወው ይችላል። 18 ግን ሁለት ፍተሻ አንድ ፊርማ ነው፣ እንግሊዝኛው እንደዛ ከሆነ አትንኪው፣ እንግሊዝኛው ለሁለት ከከፈለው አንቺም ክፈዪ። 22 ላይ "ሌላ ሰው" ማን ነው? ቤቱን የሚጠርገውም ሌላ ሰው ነው። ካርዱ ሥልጣን ያለው ኢንስፔክተር የሚል ከሆነ እሱን ጻፊ፣ ሥራውን ራሱ የሠራው ሰው አለመሆኑም ይግባ።

ከ22 በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ሊክ የሚታይበት እርምጃ አለሽ አይደል? እዛ ላይ ሞተሩ *ከጠፋ በኋላ* ነው የሚታየው፣ የፕሮፔለሩ ማስጠንቀቂያም ከእሱ በፊት።

የውል_ሰው

"ተወስዷል" ላይ ጥርጣሬ አለኝ፣ ማን ነው የወሰደው? ግን ከመጀመሪያው እጅግ ይሻላል።

ሚኪ_ዱባይ

እንግሊዝኛውም እኮ ማን እንደሆነ አይልም፣ የሚለየው ከሥር ያለው ስምና የላይሰንስ ቁጥር ነው። እንዳለ ይሁን።

ካሳ_ጋራዥ

እኔ ይሄ ፊልተር ከተር የሚባለው ነገር አስጎምጅቶኛል። ለመኪና ፊልተርም ይሆናል? የት ነው የሚገኘው፣ ሰሞኑን አንድ ፒካፕ መጥቶልኝ ሞተሩ ይጮኻል ፊልተሩን ከፍቼ ላየው ፈልጌ ሴጌቶ ነበር ያሰብኩት